«ታዲያ ነርስነቱን ለምን ተውሽው?» በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ መልስ

እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ራስን ማስተዋወቅ» የሚል ነበር። ሰፊ ስለሆነብኝ አጥብቤዋለሁ። ዛሬ የማወራው ከአንድ ሙያ ወደ ሌላ ለሚሻገር ሰው ነው፤ ያውም ቃለ መጠይቅ ክፍል ገብቶ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ «እስቲ ራስህን አስተዋውቀን» ሲባል ስላለችው አንዲት ደቂቃ ብቻ። በሙያው ለቆየ ሰው ይህች ደቂቃ ከሰላምታ አታልፍም። የሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ለሒሳብ ሥራ የቀረበ ሰው ስሙንና የሠራበትን ቦታ ከተናገረ ይበቃዋል፤ ፓነሉ የቀረውን ራሱ ያውቀዋል። ሙያ የቀየረ ሰው ሲሆን ግን ፓነሉ ከራሱ የሚጨምረው እውቀት የለውም። የጎደለውን የሚሞላው በጥርጣሬ ነው።

ይህን የምለው ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ስላየሁት ነው። በጤና ፕሮጀክቶች ውስጥ ለዓመታት የቅጥር ፓነል ላይ ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት ወጥቶ ወደ ግዥና አቅርቦት ሥራ መግባት የፈለገ ወጣት ፋርማሲስት ቀረበ። ጨዋና ንቁ ልጅ ነበር። ራሱን ሲያስተዋውቅ የተማረውንና የሠራበትን በቅደም ተከተል ነገረን፤ ለምን እንደተሻገረ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔ በነጥብ መስጫ ቅጹ ጠርዝ ላይ «አይቆይም» ብዬ ጻፍኩ። በሌላ ቀን ቅጹን ስመልሰው ያቺን ቃል አይቼ ደነገጥኩ። አይቆይም ያሰኘኝ እሱ የተናገረው ነገር አልነበረም፤ ዝም ያለበትን ቦታ እኔ በገዛ ግምቴ ደፍኜበት ነው። ያንን ልጅ በድዬዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ፓነል ላይ አብረውኝ የሚቀመጡትን ሰዎች ማስታወሻ ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ፤ ሙያ የቀየረ ሰው በቀረበ ቁጥር በሁሉም ወረቀት ላይ የሚመላለሱት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አንዱ «ይችለዋል ወይ?» ነው። ሁለተኛው «እኛንስ መቼ ነው የሚተወን?» የሚል ነው። ሁለተኛውን በግልጽ የሚጠይቅ የለም፤ ነጥብ የሚቀንሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ስለዚህ ያቺ ደቂቃ የሕይወት ታሪክ የሚነገርባት አይደለችም። እነዚህን ሁለቱን ጥያቄዎች ሳይጠየቁ የመመለሻ ጊዜ ናት። እንዴት እንደሚመለሱ አብሬያት በሠራሁት በአንዲት ሴት ጉዳይ ላሳያችሁ። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች። ጤና ጣቢያ ውስጥ ስድስት ዓመት የሠራች ነርስ ናት። ያመለከተችው ለክትትልና ግምገማ ኦፊሰርነት ነበር፤ ማለትም ከጤና ጣቢያዎች የሚመጣውን ሪፖርት የሚያጣራ፣ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥና የሚተነትን ባለሙያ። መጀመሪያ ስንገናኝ ስልኬን መቅጃው ላይ አድርጌ «ራስሽን አስተዋውቂኝ» አልኳት። እንዲህ አለች፦

«እገሊት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት በገጠር ከተማ ሲሆን፣ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እዚያው ተከታትዬ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በነርሲንግ በዲግሪ ተመርቄ፣ ጤና ጣቢያ ተመድቤ፣ ተመላላሽ ክፍል ሁለት ዓመት፣ ክትባት ክፍል ደግሞ አራት ዓመት ሠርቼ፣ ከባልደረቦቼ ጋር በመተባበር ጥሩ ጥሩ ሥራዎችን ሠርተናል። ያው እንደምታውቁት የነርስ ሥራ አድካሚ ነው፤ ተራውም ይከብዳል፤ እድገትም የለውም። ስለዚህ ወደ ዳታ ለመግባት አስቤ አንዳንድ ኮርሶች ወስጃለሁ። ኮምፒውተርም ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ። ዕድሉን ከሰጣችሁኝ ለመማር ዝግጁ ነኝ።»

ውሸት የለበትም። ትሕትናም አለው። ከዚህ ንግግር በኋላ ግን ፓነሉ እጅ ላይ የሚቀረው «ደክሟት የወጣች ነርስ» የሚል ነው። እንዴት እዚያ እንደደረሰ እንመልከት።

መጀመሪያ የቋንቋችንን ነገር ላንሳ፤ ሰዎች ልብ ስለማይሉት ትንሽ ልቆይበት። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ተከታትዬ፣ አምጥቼ፣ ገብቼ፣ ተመርቄ፣ ተመድቤ፣ ሠርቼ» እያልን ስንቀጥል አድማጩ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል፤ ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚወስደው የሚያውቀው ማሰሪያው ሲመጣ ነው። የእሷ ረጅም ዓረፍተ ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ተሸክሞ ሄዶ ሲያበቃ የታሰረው «ጥሩ ጥሩ ሥራዎችን ሠርተናል» በሚል ባዶ ማሰሪያ ነው። አድማጩ ያን ሁሉ ታግሦ የጠበቀው ምን እንደሆነ አላገኘም። ቤት ውስጥ ወግ ስናወራ ይህ አካሄድ ያምራል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ግን ጊዜ ይበላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቶሎ ቶሎ እሰሩ። አንድ ነገር ተናገሩ፣ በ«ነው» ወይም በ«ነበር» ዝጉት፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ሁለተኛው «ሠርተናል» የሚለው ቃል ነው። «እኔ ሠራሁ» ማለት ትዕቢት እንደሆነ ተነግሮን ነው ያደግነው፤ ይህን አስተዳደግ እወደዋለሁ። ፓነሉ የሚቀጥረው ግን እሷን እንጂ ጤና ጣቢያውን አይደለም። አብሮ የተሠራውን «አብረን» ማለት ይገባል፤ በእጇ የሠራችውን አንድ ነገር ግን «እኔ» ብላ መናገር አለባት፤ አለዚያ ማንም ሊያውቅላት አይችልም። «ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» የሚለውም ከዚሁ ትሕትና የመጣ ነው። ሰሚው ቃል በቃል ነው የሚወስደው፤ «ብዙም አትችልም» ብሎ ይጽፋል።

ሦስተኛውና ከባዱ የመውጫ ምክንያቱ ነው። ድካሙም ተራውም እውነት ነው፤ የሚያሳፍር ነገርም የለበትም። ነገር ግን ፓነሉ «ስለከበዳት ወጣች» ብሎ ሲሰማ ወዲያው ወደ ራሱ ይተረጉመዋል፤ እኛም ዘንድ የሪፖርት ማጠናቀቂያ ሳምንት ይከብዳል፣ ወረዳ ለወረዳ መዞሩ ይከብዳል፣ ያን ጊዜስ? ሰው ከሸሸው ነገር ይልቅ የሳበውን ነገር ሲናገር ነው ይህ ጥርጣሬ የሚቀለው። የሳበው ነገር ደግሞ በስሜት ቃል አይነገርም። «ሁልጊዜም ዳታ እወድ ነበር» ቢባል የሚያምን የለም። አንድ የተፈጸመ ነገር ያስፈልጋል።

ስለዚህ መቅጃውን አጥፍቼ «ጤና ጣቢያ ሳለሽ ማንም ሳያዝሽ፣ የሥራ ዝርዝርሽ ውስጥ ሳይኖር፣ ራስሽ ተነሥተሽ የሠራሽው ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኳት። ሙያ ለሚቀይር ሰው ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። አዲሱ ሙያ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አሮጌው ሥራ ውስጥ አንድ ቀን ብቅ ብሏል፤ ሰውዬው ግን ሥራ ነው ብሎ አልቆጠረውም። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። በኋላ «እሱ እንኳ ሥራ አይባልም፤ አንድ ጊዜ ቁጥር አልገጥም ብሎኝ...» ብላ ጀመረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክትባት ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ሲከተብ መዝገብ ላይ በስሙ ይጻፋል፤ ከዚያ ውጭ ደግሞ የቆጠራ ወረቀት ላይ አንዲት ምልክት ይደረጋል። ወር ሲያልቅ ሪፖርት የሚሠራው ከቆጠራው ወረቀት ነው፤ ምክንያቱም መዝገብ ገልጦ መቁጠር ጊዜ ይወስዳል። አንድ ወር ላይ ሪፖርቱ ፔንታ 3 የወሰዱ ልጆች 47 ናቸው ይላል። ፔንታ 3 ልጆች በ14ኛ ሳምንታቸው የሚወስዱት ሦስተኛው ዙር ክትባት ነው። እሷ ለሌላ ጉዳይ መዝገቡን ስታገላብጥ ቆጠረችና 41 አገኘች። ደግማ ቆጠረች፤ ያው 41 ነው። ስድስት ልጅ ከየት መጣ?

ሁለት ቀን ፈልጋ አገኘችው። በዚያ ወር ከጤና ጣቢያው የወጣ ቡድን አንድ ጤና ኬላ ድረስ ሄዶ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋር ልጆችን ከትቧል። እነዚያን ስድስት ልጆች ኬላው በራሱ ሪፖርት ቆጥሯቸዋል፤ ቡድኑም ወረቀቱን ይዞ ስለተመለሰ ጤና ጣቢያው በራሱ ላይ ደምሯቸዋል። ማንም አላጭበረበረም፤ ሁለት ታታሪ ሰዎች አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ መዘገቡት እንጂ። እሷ ያደረገችው በውጭ ለሚሰጠው ክትባት የተለየ የቆጠራ ወረቀት ማዘጋጀትና ከላዩ ላይ «ይህን ሪፖርት የሚያደርገው ኬላው ነው» ብሎ መጻፍ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ወራት መዝገቡና ሪፖርቱ ገጠሙ።

እኔ ይህን ስሰማ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። «ሥራ አይባልም» ያለችው ነገር ያመለከተችበት ሥራ ራሱ ነው። ስህተት ማየት፣ እስከ ምንጩ መከተል፣ ማንንም ሳይወነጅሉ አሠራሩን ማረም፣ መታረሙን በቁጥር ማረጋገጥ። የክትትል ባለሙያ በቀን የሚውለው በዚህ ነው።

ከዚያ ደቂቃዋን አብረን ሠራን። ስልሳ ሰከንድ ስንት ቃል እንደሚይዝ በመገመት ፋንታ ለካነው። እሷ ሳትጣደፍ በአማርኛ ስትናገር በደቂቃ ከመቶ ቃል ትንሽ አለፍ ትላለች። የእናንተ ይለያያልና በየራሳችሁ ስልክ ለኩ። መቶ ቃል ማለት አንድ ታሪክና ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከዚያ በላይ የሚገባ የለም። የትውልድ ቦታውና ትምህርት ቤቱ በዚህ ምክንያት ወጡ፤ ሲቪው ላይ ተጽፈዋል።

አንድ ቦታ ላይ ተከራከርን፤ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። በዚያ ወር የመጀመሪያውን ዙር፣ ፔንታ 1ን የወሰዱት 50 ልጆች ነበሩ። በተሳሳተው ሪፖርት ከ50 ወደ 47 ስንሄድ የጠፉት ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው፤ ይህም 6 በመቶ ነው። በትክክለኛው ቁጥር ግን ከ50 ወደ 41 ነው፤ ዘጠኝ ልጆች፣ 18 በመቶ። በሙያው የጀመሩና ያልጨረሱ ልጆች መጠን ከ10 በመቶ ሲያልፍ «ችግር አለ» ይባላል። እኔ በዚህ ተደስቼ «ዘጠኝ ልጆች ጠፍተው ሦስት መስሎን ነበር በይ፤ ልብ ይነካል» አልኳት። እሷ እምቢ አለች። «አንድ ወር ውስጥ ፔንታ 1 የሚወስዱትና ፔንታ 3 የሚወስዱት የተለያዩ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያው በ6ኛ ሳምንት፣ ሦስተኛው በ14ኛ ሳምንት ነው። ስለዚህ እነዚያው ዘጠኝ ልጆች ጠፉ ማለት አልችልም። ከሁለት ወር በፊት የጀመሩት 44 ቢሆኑስ?» አለችኝ። ልክ ናት። አቅጣጫው እውነት ነው፤ ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። እሷም የዓመቱን በሙሉ ስትሠራ መጠኑ ሪፖርቱ ከሚለው ከፍ ብሎ አግኝታዋለች። ደቂቃዋ ውስጥ ያስገባነው ያንን፣ በጥያቄ የማይፈርሰውን ብቻ ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ፓነሉ ላይ መኖሩ አይቀርም፤ ያማረውን ግን የማይቆመውን ቁጥር ሲሰማ የቀረውንም አብሮ ይጥለዋል።

የመጨረሻው ቅጂ ይኸውላችሁ፦

«እንደምን አደራችሁ። እገሊት እባላለሁ። ነርስ ነኝ፤ የጤና መረጃ ማጣራት የጀመርኩትም ክትባት ክፍል ሳለሁ ነው። አንድ ወር ላይ የፔንታ 3 ሪፖርታችን 47 ልጆች ይል ነበር፤ መዝገቡ ላይ ግን 41 ነበሩ። ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁት። ስድስቱ ጤና ኬላ የተከተቡ ናቸው፤ ኬላውም እኛም ቆጥረናቸዋል። የቆጠራ ወረቀቱን ለየሁት፤ በቀጠሉት ሦስት ወራት ሪፖርቱና መዝገቡ ገጠሙ። የዓመቱን ሳመሳክር ደግሞ ክትባት ጀምረው ያልጨረሱት ልጆች ካሰብነው በላይ ሆነው ተገኙ። ሙያ እንድቀይር ያደረገኝ ይህ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ማታ ማታ የዳታ ትንተና ተምሬያለሁ፤ የ12 ወሩን ውጤትም ጽፌ ለኃላፊዬ አስረክቤያለሁ። እዚህ ያመለከትኩት ሥራችሁ የጤና ጣቢያ ሪፖርቶችን ጥራት መከታተል ስለሆነ ነው። መዝገቡን የሚሞላው ሰው የት ላይ እንደሚሳሳት አውቃለሁ፤ እኔም ሞልቼዋለሁና።»

ሳትጣደፍ ስትለው ደቂቃ አይሞላም። «ነርስ ነበርኩ» አለማለቷን ልብ በሉልኝ። «ነበርኩ» ስትል ስድስቱን ዓመት ትጥላቸዋለች፤ «ነኝ» ስትል ይዛቸው ትገባለች። «ይችለዋል ወይ?» የሚለውን ስድስቱ ልጆች መለሱት። «መቼ ትተወናለች?» የሚለውን ደግሞ ማንም ሳያዛት፣ ማታ ማታ፣ ያለ ክፍያ ዓመት ሙሉ ይህንኑ መሥራቷ መለሰው። «አልለቅም» ብላ ቃል መግባት አላስፈለጋትም፤ እንዲህ ያለ ቃል ኪዳን ቃለ መጠይቅ ላይ ማንንም አያሳምንም። የደመወዙን ነገርም አላነሣችም። ከተጠየቀች በእውነት ትመልሳለች፤ ደቂቃዋ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

ልምምዱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ሙያውን ለማያውቅ ሰው ንገሩትና በማግስቱ «ትናንት ምን ነበር ያልኩህ?» ብላችሁ ጠይቁት። እሷ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷ በማግስቱ «ስድስት ልጅ ሁለቴ ተቆጥሮ አንቺ ደረስሽበት» አሏት። ይህ በቂ ነው። «ነርስነቱ ደከመሽ መሰለኝ» ቢሏት ኖሮ ወደ ወረቀቱ እንመለስ ነበር። በቃል መሸምደድ ግን አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገርና ቁጥሮቹን ያዙ፤ የቀረው በየጊዜው በሌላ ቃል ቢወጣ ይሻላል። ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ከሆነም አማርኛውን አትተርጉሙት፤ ታሪኩን ይዛችሁ በእንግሊዝኛ እንደገና ተናገሩትና እንደገና ለኩት፤ ርዝመቱ አንድ አይሆንም።

ይህ አካሄድ የማይሠራበት ቦታ እንዳለም ልንገራችሁ፤ ተስፋ ሰጥቼ እንዳልሸኛችሁ። ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ በደቂቃ ንግግር አይገባም፤ ከሒሳብ ሥራ ወደ ነርስነት የሚሄድ ሰው መማር እንጂ ማስረዳት አያዋጣውም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያው የትምህርት ዝግጅቱን በስም ጠቅሶ ከሆነ ደግሞ ማመልከቻው የሚወድቀው ገና ቃለ መጠይቁ ሳይደረስ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚያ አታባክኑ። «ማንም ሳያዝህ ምን ሠራህ?» ስል በእውነት ምንም የሌለው ሰውም ያጋጥመኛል። ለእሱ ታሪክ አንፈጥርለትም። ሁለት ወር ወስዶ አሁን ባለበት ቦታ አንዲት ትንሽ ነገር እንዲሠራ ነው የምመክረው፤ የእሷ ዓይነት፣ ቁጥሯ ታይቶ የሚመሰከርላት ትንሽ ነገር።

የቃለ መጠይቋን ዕለት ማታ ደወለችልኝ። ደቂቃዋን ጨርሳ ዝም እንዳለች ከፓነሉ አንዱ፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ስለ ነርስነቷ ምንም ሳይጠይቋት «ቆይ፣ የአንድ ወር ፔንታ 1ና ፔንታ 3 የሚወስዱት ልጆች አንድ ናቸው እንዴ?» አሏት። ያንን ጥያቄ ከእኔ ጋር ተከራክራበታለች። ወረቀት ለምና ወራቱን በአንድ ዓምድ ጻፈች፤ የ6ኛ ሳምንቱን ልጆች ከሁለት ወር በኋላ ካለው ረድፍ ጋር በመስመር እያገናኘች ታስረዳቸው ጀመር። ልጆቹ የተከተቡበትን መዝገብ ግን አልያዘችም ነበር፤ የልጆች ስም ያለበት ወረቀት ከጤና ጣቢያ አይወጣምና በእጇ የነበሩት ድምሮቹ ብቻ ናቸው። ሰውየው ይህንንም ጠየቋት፤ ይህንንም ነገረቻቸው። «ከዚያ በኋላ ያወራነው ስለ ቆጠራው ወረቀት ብቻ ነው» አለችኝ። ነርስነቱን ለምን እንደተወችው የጠየቃት ሰው አልነበረም።